የጤፉ ብረት ከየት መጣ?

በአማርኛ በሚታተሙ የጤናና የአመጋገብ መጻሕፍት ውስጥ አንድ አንቀጽ ቃሉን እየለዋወጠ ደጋግሞ ይመጣል። ጤፍ በብረት ማዕድን ከእህል ሁሉ የበለጠች ናት፤ በተለይ ቀይ ጤፍ በ100 ግራም እስከ 150 ሚሊግራም ብረት ትይዛለች፤ ስለዚህ ቀይ ጤፍ የሚበላ ሰው ደም ማነስ አይነካውም፤ የያዘውም በጥቂት ሳምንት ይድናል ይላል። አልፎ አልፎ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይታከልበታል፦ «እንክብሉን ትተው ወደ ተፈጥሮ ይመለሱ።»

ይህን አንቀጽ የመረጥኩት መጻሕፍቱን ለማጣጣል ብዬ አይደለም። ደሴ ውስጥ «ይሄን መጽሐፍ ልግዛው? ለእህቴ ልላክላት?» እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን አንድ ሰው ነገ ጠዋት የሚውጠውን ወይም የሚተወውን ነገር ይወስናል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውላ የምትገባ ነፍሰ ጡር ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ሆዴን ያቅለሸልሸኛል ብላ ልትተወው እያሰበች ከሆነ፣ ያ አንቀጽ የምትፈልገውን ፈቃድ ይሰጣታል። የእንክብሉ ነገር የመድኃኒት ፋብሪካ ወሬ ነው፤ እናትሽ ቤት ያለው ቀይ ጤፍ ይበቃሻል ይላታል። ስለዚህ መጽሐፉን «አንብቢው» ከማለቴ በፊት ያን አንቀጽ እስከ ሥሩ መከተል አለብኝ። ሁሉንም ገጽ እንዲህ መፈተሽ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ሰው ሕይወቱን የሚያስደግፍበትን አንድ ገጽ መርጦ በደንብ መፈተሽ ስለ ቀሪው መጽሐፍም ብዙ ይናገራል።

መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው። «እስከ 150» የሚለው ቁጥር ፈጠራ አይደለም። ካለፉት ዓመታት የጤፍ ጥናቶች የተሰበሰበውን ያየ ሰው፣ ለነጭ ጤፍ በ100 ግራም ከ9.5 እስከ 37.7 ሚሊግራም፣ ለቀይ ጤፍ ደግሞ ከ11.6 ተነሥቶ ከ150 በላይ የደረሰ መጠን ተመዝግቦ ያገኛል። ጸሐፊው ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ያደረገው ነገር ከረጅሙ መሰላል የመጨረሻውን እርከን ብቻ መጥቀስ ነው። «እስከ» የምትለዋ ቃል እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ስትመጣ ሁልጊዜ የታችኛውን ቁጥር እፈልጋለሁ። እዚህ የታችኛው ከ12 በታች ነው፤ የላይኛው ከዚያ በአሥራ ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

የአሥራ ሦስት እጥፍ ልዩነት ራሱ አንድ ነገር እየነገረን ነው። አንድ ተክል እንደ ዘሩና እንደ መሬቱ በሚይዘው ማዕድን ይለያያል፤ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ቢሆን አይገርምም። ያው ቀይ ጤፍ እዚህ 11፣ እዚያ 150 ሲሆን ግን ላቦራቶሪው የለካው የጤፏን ብረት ብቻ መሆኑን መጠራጠር ይገባል። አብሯት የመጣ ሌላ ነገር ሳይኖር አይቀርም።

አብሯት የሚመጣውን ነገር የወሎ ገበሬ ያውቀዋል። ጤፍ የሚወቃው አውድማ ላይ ነው። መሬቱ ይደለደላል፣ በእበት ይለቀለቃል፣ ነዶው ይበተናል፣ በሬዎቹም ይዞሩበታል። ልቅላቂው በበሬ ኮቴ ሲፈነቃቀል ከሥሩ ያለው አፈር ከፍሬው ጋር ይደባለቃል። ስንዴ ወይም ባቄላ ቢሆን ማበጠርና ማንገዋለል ብዙውን ያስወግደዋል። የጤፍ ፍሬ ግን ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። እጅግ ደቃቅ ስለሆነች የአንድ ኪሎ ጤፍ ጠቅላላ ገጽታ ከአንድ ኪሎ ስንዴ በብዙ ይበልጣል፤ አቧራውም የሚጣበቅበት ቦታ አያጣም። የደቀቀው አፈር ደግሞ ከፍሬዋ ጋር ስለሚተካከል በወንፊት ለመለየት ያስቸግራል። ደሴ ሰኞ ገበያ አንዲት ነጋዴ «ጋሼ፣ ይቺ ሸራ ላይ የተወቃች ናት፤ አፈር የለባትም» ብላ ዋጋ ከፍ ስታደርግ የምትነግረን ይህንኑ ነው። ሳታውቀው የብዙ ዓመታት የምግብ ሳይንስ ክርክር ሥር ነክታለች።

ሒሳቡን እንሥራው። የደጋው አፈር ከክብደቱ 5 በመቶ ብረት ነው እንበል፤ ቀላ ያለ አፈር ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። አንድ ግራም አፈር ማለት 50 ሚሊግራም ብረት ማለት ነው። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ሦስት ግራም አፈር ቢቀላቀል 150 ሚሊግራም ብረት ከአፈሩ ብቻ ይመጣል። ሦስት ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ዱቄቱ ውስጥ በዓይን አይታይም፤ ቀይ ጤፍ ላይ ደግሞ ቀለሙም አያሳብቅም። መጽሐፉ የጠቀሰው ቁጥር ጤፏ ምንም ብረት ባይኖራት እንኳ ሊገኝ የሚችል ቁጥር ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ነገሩ የተጠናው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው፤ የተጠናውም እዚሁ አገር ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተደረገ አገር አቀፍ የአመጋገብ ቅኝት ኢትዮጵያውያን በቀን የሚወስዱት ብረት በመቶዎች ሚሊግራም የሚቆጠር መሆኑን ሲያሳይ ተመራማሪዎቹ ተደነቁ። በሌላው ዓለም የሚወሰደው አሥርና ሃያ ሚሊግራም ነበር። ኢንግቬ ሆፍቫንደር የተባለው የስዊድን ሐኪም፣ በኋላ ፋፋን ባወጣው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ምግብ ተቋም ይሠራ የነበረ ሰው፣ ይህን እንቆቅልሽ ተከታትሎ ጥናቱን በ1968 አሳተመ። ከብረቱ ብዛት የተነሣ የሚጠበቀው ጉዳት በሰዎቹ አካል ላይ አልታየም፤ ብዙው ብረት ከአፈር የመጣ፣ ወደ ደም የማይገባ ነበር። በ1980 ደግሞ አብርሃም በስራትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ጤፍ ብረትና ስለ ጥቅም ላይ መዋሉ ጽፈዋል። የእነሱም ድምዳሜ ከፍተኛው ቁጥር በአብዛኛው የአውድማው አፈር ውጤት ነው የሚል ነበር፤ ከአፈር የጸዳችው ጤፍ ወደ ሌሎቹ እህሎች ጎራ ትጠጋለች። ለወሎ አንባቢ ደግሞ የቀረበ ማስረጃ አለ። ካሌብ ባዬና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ወሎ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያሉ ሕፃናት የሚበሉትን መርምረው ነበር፤ እዚያም የብረቱ መጠን ከፍ ብሎ የተገኘው ከአፈር ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው።

የ1968ንና የ1980ን ጥናት አንድ መጽሐፍ አለመጥቀሱ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን 150ን ያገኘ ጸሐፊ ያገኘው እነዚህ ጥናቶች ከሚጠቀሱበት ሰንጠረዥ አጠገብ ነው። ቁጥሩን ወስዶ ማብራሪያውን ከተወ፣ ወይ ምንጩን ራሱ አላነበበም፣ ወይ አንብቦ መርጧል። ሁለቱም መጽሐፉን ከመጠቆሜ በፊት ማወቅ የምፈልገው ነገር ነው።

ምንጭ ማግኘት ለማይችል አንባቢም ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ቁጥሩን እውነት ነው ብሎ መቀበልና ወዴት እንደሚወስድ እስከ መጨረሻው መከተል። አንዲት ሴት በቀን 300 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክ በላች እንበል። በመጽሐፉ ቁጥር 450 ሚሊግራም ብረት ወሰደች ማለት ነው። ከእህል የሚገኝ ብረት ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ 5 በመቶ ብንል 22 ሚሊግራም ይሆናል። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን ወደ ደሟ ሊገባ የሚያስፈልጋት አንድ ሚሊግራም ተኩል ገደማ ነው። በዓመት ወደ ሰውነቷ የሚገባው ብረት ከ8 ግራም ይበልጣል። በጤነኛ ሰው መላ አካል ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ሦስት ወይም አራት ግራም ነው። ሰውነት በቃኝ ሲል መቀበሉን ይቀንሳል፤ ቢሆንም ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ በጤፍ አገር ደም ማነስ የሚባል በሽታ ባልተሰማ፣ ሐኪሞቻችንም በብረት ብዛት የተጎዳ ጉበት ሲያክሙ በዋሉ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ቁጥሩ ራሱን አፈረሰ።

ታዲያ ንጹሕ ጤፍ ምን ያህል አላት? የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግብ ሰንጠረዥ 7.6 ሚሊግራም ይላል። ለእህል ጥሩ መጠን ነው። በዚያው ስሌት 300 ግራም ዱቄት 23 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ወደ ደም የሚገባው አንድ ሚሊግራም ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለጤነኛ ሴት ጠቃሚ ድርሻ ነው፤ ነፍሰ ጡርን ከደም ማነስ ለማውጣት ግን አይበቃም። ጤና ጣቢያው የሚሰጣት አንዱ እንክብል ብቻውን በተለምዶ 60 ሚሊግራም ብረት ይዟል፤ የእሱም ብረት ከእህሉ ይልቅ ወደ ደም በቀላሉ ይገባል።

እዚህ ላይ መጽሐፉ ሁለተኛውን ዝላይ ይዘላል። ምግቡ ውስጥ ያለ ብረትን ደም ውስጥ ከገባ ብረት ጋር አንድ ያደርገዋል። ጤፍ እንደ ሌሎች እህሎች ፋይቴት የሚባል ነገር አላት፤ ፍሬዋ ፎስፈረስ የምታከማችበት ነው። ፋይቴት ብረቱን አንቆ ይይዘዋል፤ አንጀት ሊወስደው ሲል አይለቅም። እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን የተቦካ ሊጥ ከፋይቴቱ የተወሰነውን ይሰብራል፤ እናቶቻችን ኩፍ ሳይል የተጋገረ እንጀራ «ሆድ ይነፋል» ከሚሉበት ምክንያት ጎን ይህም አለ። ሆኖም ከቡኮው በኋላም የሚተርፈው ፋይቴት ብረቱን ለማገድ የሚበቃ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እንጀራው ተበልቶ ወዲያው አቦሉ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይጨመራል። በ1983 በወጣ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የብረቱን መግባት 40 በመቶ ያህል ቀንሶታል፤ ምግቡ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣውም እንደዚያው ቀንሶታል፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አላደረገም። ሻይ ከቡናም ይብሳል።

ስለዚህ አንድ የአመጋገብ መጽሐፍ ስለ ብረት ሲጽፍ ፋይቴትን፣ ቡኮንና ቡናን አንድ ጊዜም ካላነሣ ጸሐፊው የምግቡን ዝርዝር እንጂ የሰውን አካል አላጠናም ማለት ነው። ይህ በአንድ ደቂቃ የሚታይ ምልክት ነው፤ ማውጫውን ማገላበጥ ይበቃል። በአንጻሩ ቡናውን ከምግብ ማራቅን፣ ሎሚ ወይም ቃሪያ በማዕዱ ላይ መጨመርን የሚመክር መጽሐፍ ስለ ጤፍ ያለው ቁጥር ቢሳሳት እንኳ ለአንባቢው የሚጠቅም ነገር ይዟል። ሁለቱን ዓይነት መጽሐፍ በአንድ ሚዛን አልመዝናቸውም።

ከቁጥር ይልቅ ሰውን የሚያሳምነው ግን ምስክርነት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በመጽሐፉ ውስጥ አለ እንበል። አንዲት የኮምቦልቻ ሴት በስድስተኛ ወሯ ተመርምራ ሄሞግሎቢኗ 10.8 ሆነ። ልትወልድ ደሴ እናቷ ቤት መጣች። እናቷ የቀይ ጤፍ ገንፎና አጥሚት መገበቻት። ከወለደች ከሦስት ወር በኋላ ስትመረመር 12.6 ሆነ። «ቀይ ጤፍ ደሜን መለሰልኝ» አለች። ታሪኩ እውነት ነው ብዬ እቀበላለሁ፤ ቁጥሮቹም ትክክል ይሁኑ። ጤፉ ነው ወይ ያደረገው ነው ጥያቄው።

ወላዷ ከእርግዝናው አጋማሽ ወደ ድኅረ ወሊድ ተሻግራለች። በእርግዝና ወቅት የደም ፈሳሹ ከቀይ የደም ሕዋሱ በበለጠ ፍጥነት ስለሚጨምር ደሙ ይቀጥናል፤ የሄሞግሎቢኑ ቁጥርም ዝቅ ይላል። ከወሊድ በኋላ ትርፍ ፈሳሹ ይወጣል፣ ቁጥሩም ያለ ምንም ምግብ ከፍ ይላል። ጡት በምታጠባበት ጊዜ የወር አበባዋ ስለዘገየ በየወሩ የምታጣው ብረት ቆሟል። እንክብሉንም ትውጥ ከነበረ መጽሐፉ አልነገረንም። እነዚህ የትም አገር ቢሆን የሚነሡ ምክንያቶች ናቸው።

የእኛ አካባቢ ግን የራሱን ምክንያት ይጨምራል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ሀረጎን ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው ከ25 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ስድስት መቶ ሜትር ከፍ ብሏል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ይሠራል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለደም ማነስ መለያ የሚሆነውን ቁጥር እንደ ከፍታው የሚያስተካክለው። ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ሰንጠረዥ በ1,500 ሜትር 0.5፣ በ2,000 ሜትር 0.8፣ በ2,500 ሜትር 1.3 ይጨምራል። በ2024 ሰንጠረዡ ቢሻሻልም ማስተካከያው አልቀረም። በዚህ ስሌት በኮምቦልቻና በደሴ መካከል የግማሽ ግራም ገደማ ልዩነት አለ። አንዲት ሴት እናቷ ቤት ጥቂት ወር በመቀመጧ ብቻ፣ ምንም ብትበላ፣ ቁጥሯ ያን ያህል ሊጨምር ይችላል።

አሳሳቢው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ነው። ያልወለደችም ሆነ የወለደች፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት በባሕር ወለል ላይ ከ12 በታች ስትሆን ደም ማነስ አለባት ይባላል። በደሴ ከፍታ 1.3 ሲጨመርበት መለያው 13.3 ይሆናል። ስለዚህ መጽሐፉ «ዳነች» ያላት፣ 12.6 ያላት እናት፣ በደሴ ከፍታ ሲታይ ገና ደም ማነስ አለባት። ያን ገጽ አምና እንክብሏን የተወች ሌላ እናት ደግሞ ከእሷ ጋር አብራ ትጎዳለች። ምስክርነቱ ውሸት አልነበረበትም፤ መለኪያው የት ቦታ እንደቆመ አለመናገሩ ብቻ ውጤቱን ገለበጠው። ደሴና ኮምቦልቻ ለሚኖር አንባቢ መጽሐፍ ስመርጥ፣ ስለ ደም ሲጽፍ ከፍታን የማያነሣ መጽሐፍ ለእኛ አገር የተጻፈ አይደለም ብዬ እይዘዋለሁ፤ በአማርኛ ተጻፈ እንጂ።

መጻሕፍቱ ካርታም ያሳያሉ። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ቅኝት እንደሚለው በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። በአማራ ክልል 42 በመቶ፣ በሶማሌ ክልል 83 በመቶ። ጤፍ የሚበላው ዝቅ፣ የማይበላው ከፍ አለ፤ ታዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል ይላል ጸሐፊው። ሁለቱ ክልሎች ግን የሚለያዩት በጤፍ ብቻ አይደለም። በሙቀት፣ በወባ፣ በድርቅ፣ በውኃ፣ በጤና ጣቢያ ርቀት፣ ሕፃናቱ በሚጠጡት ወተትና ሻይ ይለያያሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመቶ 42 ሕፃን ደም ማነስ ያለበት የጤፍ አገር «ጤፍ የሚበላ ደም ማነስ አይነካውም» ለሚለው ቃል ማስረጃ ሳይሆን ማፍረሻ ነው። ደም ማነስም ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም፤ ወባ፣ መንጠቆ ትል፣ የፎሊክ አሲድና የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ደም ያሳንሳሉ። ከኮምቦልቻ ቆላማ ቀበሌዎች ለመጣ ልጅ ጤፍ ከመጨመር በፊት ሰገራውና ደሙ መታየት አለበት።

እዚህ ድረስ የመጣ አንባቢ በተቃራኒው በኩል እንዳይወድቅ እሠጋለሁ። «ጤፍ ብረት የላትም፤ ያለው አፈር ነው» የሚል መጽሐፍም ተጋንኗል። ንጹሕ ጤፍ 7.6 ሚሊግራም ካላት ከሙሉ የስንዴ ዱቄት እጥፍ ገደማ አላት። ግሉተን የለባትም፤ ይህም ለሚጎዳቸው ሰዎች እውነተኛ ጥቅም ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረትም ፈጽሞ አይገባም ብሎ መደምደም አይቻልም፤ አብዛኛው አይገባም ነው የሚባለው።

አጋላጭ ነኝ የሚል መጽሐፍም እንደ አወዳሹ መፈተሽ አለበት። በዓለም ላይ የታወቀ ምሳሌ አለ። ስፒናች በብረት የበለጸገ ነው የሚለው እምነት የመጣው አንድ የጀርመን ኬሚስት ነጥቧን አንድ ቦታ አሳስቶ 3.5ን 35 አድርጎ ስለጻፈ ነው የሚል ታሪክ በስንት የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። ታሪኩን ያሰራጨው ቴረንስ ሃምብሊን የተባለ ሐኪም በ1981 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፈው ጽሑፍ ነው። በ2010 ማይክ ሰተን የተባለ ተመራማሪ ምንጩን ወደ ኋላ ተከትሎ ሲሄድ የነጥብ ስሕተት ስለመኖሩ ማስረጃ አጣ። ሰዎች ስሕተትን ለማረም ሲሉ ሌላ ያልተመረመረ ታሪክ ለሠላሳ ዓመት ሲቀባበሉ ኖረዋል። የስፒናች ነገር ከጤፍ ጋር የሚገናኝበት ሌላም ጎን አለ። ስፒናች ከመቶ 91 እጁ ውኃ ነው። በእርጥቡ 2.7 ሚሊግራም ብረት ያለው ስፒናች ደርቆ ቢመዘን በ100 ግራም 30 ይሆናል። «ከስፒናች ሃያ አምስት እጥፍ» ተብሎ የሚሸጠው የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ደግሞ በተለምዶ የሚጠቀስለት 28 ነው። ደረቁን ከደረቁ ጋር ሲያስተያዩት ሃያ አምስቱ እጥፍ ይጠፋል። በዚህ የተነሣ «ከዚህ ይህን ያህል እጥፍ» የሚል ነገር ሳነብ ሁለቱም በአንድ ሁኔታ ተመዝነዋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ መጽሐፉ ካልመለሰልኝ ንጽጽሩን አልቀበለውም።

ወደ ጠቋሚው ውሳኔ ልመለስ። በዚህ መንገድ ከፈተሽኳቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚጣሉ አይደሉም። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጨውና ስኳር፣ ስለ እግር ጉዞ የጻፉት ትክክል ሊሆን ይችላል። የብረቱ ገጽ ተጋንኖ ሳለ መድኃኒት ተዉ የማይል ከሆነ፣ መጽሐፉን ለሚጠይቀኝ ሰው ገጹን ከፍቼ በእርሳስ ጥቂት ቃል እጽፍበታለሁ፦ ቁጥሩ የአውድማ አፈር ያለበት ነው፤ የከፍታ ማስተካከያ አልተደረገም፤ እንክብሉ ይቀጥል። መጽሐፉ ጸሐፊው ራሱ ወደሚሸጠው ዱቄት ወይም ቅጠል የሚመራ ከሆነ ጥርጣሬዬ ይጨምራል፤ በዚያ ብቻ ግን አልጥለውም። ሐኪም የሰጠውን ተው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ካለበት ግን፣ ሌላው ሦስት መቶ ገጽ ማር ቢሆን፣ ለነፍሰ ጡርም ለሕፃን እናትም አልጠቁመውም። ለዚህ ውሳኔ ጸሐፊው ቅን ሰው መሆኑ ሚዛን አይደፋም፤ ቅን ሰው የተሳሳተ ገጽ ሊጽፍ ይችላል።

መጽሐፍ ሻጩ ጓደኛዬ ፒያሳ ላይ «ታዲያ ምን ልበላቸው? ሰዎቹ ጤፍ ደም ይሠራል የሚለውን ነው የሚፈልጉት» ብሎ ጠይቆኛል። የነገርኩት ይህን ነው። ጤፍ ጥሩ እህል ናት በላቸው። ሸራ ላይ የተወቃችውን ቢመርጡ ይሻላል፤ ባይሆን ደኅና አድርገው ይንፏት። ሊጡ ሦስት ቀን ይቡካ። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ይቅደም፣ ካልሆነም ከምግቡ በኋላ ብዙ ይዘግይ። ጤና ጣቢያ የሰጠውን እንክብል የሚተኩ ገጾች በዚህ መደርደሪያ ላይ የሉም። ሆድ ካቅለሸለሸ ከእራት በኋላ ከመኝታ በፊት ይውሰዱት፤ ካልተሻላቸው ወደ ሰጣቸው ጤና ባለሙያ ተመልሰው ይጠይቁ።

ሻጩ የመጽሐፉን ሁለት ቅጂ ከፊት ለፊቱ መደርደሪያ አንሥቶ ስለ ብረቱ ገጽ ለገዢ ሊነግር ከባንኮኒው ሥር አኖራቸው። የተጠየቀ ጊዜ አውጥቶ ያሳያል፤ ስለ ገጹም ያን ያህል ብቻ ይናገራል።